መስማትን የምንመዝንበት ሚዛን



በየሩብ ዓመቱ ከመካነ ብርሃን የምንልከው የአገልግሎት ሪፖርት አንድ ሠንጠረዥ አለው። የተጎበኙ ቤቶች ብዛት፣ የተጸለየላቸው ሰዎች ብዛት፣ ወደ ኅብረቱ አዲስ የመጡ ሰዎች ብዛት ይሞላበታል። እኛ የጉብኝት አገልግሎት የምንሰጥ ሰባት ሰዎች ነን፤ አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የቤት እመቤት አለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ባለፈው ዓመት ሪፖርቱን የተቀበሉ አንድ ሽማግሌ ደውለው የጠየቁን ጥያቄ አጭር ነበር። «ቤቱን ቆጥራችሁልናል፤ መልካም። ከአምና ይልቅ ዘንድሮ ሰውን መስማት ችላችኋል ወይ? በምን አወቃችሁ?»

ጥያቄው ለአካባቢያችን የቅንጦት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ዘልቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ዝናቡ ጠፍቶ በጃናሞራና በበየዳ ሰብል ሳይዝ ቀረ፤ ከብት አለቀ፤ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። የምንገባባቸው ቤቶች ይህን ሁሉ ተሸክመው የተቀመጡ ናቸው። አንድ ሰው እዚያ ገብቶ ተናግሮ ቢወጣና ሌላው ገብቶ ሰምቶ ቢወጣ፣ በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱም «1 ቤት» ናቸው።

ከመካከላችን አንዳንዶች መለካቱን ራሱን ፈርተውት ነበር። ርኅራኄ የመንፈስ ፍሬ ነው፤ ፍሬን በነጥብ መመዘን ዳዊት ሕዝቡን እንደ ቆጠረበት ቆጠራ (2ኛ ሳሙ. 24) አይሆንብንም ወይ አሉ። ፍርሃቱን አልናቅነውም። ነገር ግን የኢዮብን ወዳጆች ታሪክ አብረን ስናነብ ሌላ ነገር አየን። መጽሐፉ በሰዎቹ ልብ ውስጥ የነበረውን የርኅራኄ መጠን አይነግረንም፤ ያደረጉትን ይነግረናል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ ታላቅ መሆኑን ስላዩ አንዳችም አልተናገሩትም (ኢዮ. 2፥13)። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ መከሩት፣ ወቀሱት፣ መከራውን በኃጢአቱ ተረጎሙለት። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የመጡበት ፍቅርም ምናልባት ያው ነው። የተለወጠው በዓይን የሚታይና በጆሮ የሚሰማ ነገር ነበር። ያንን ደግሞ ማየትና መመዝገብ ይቻላል። ልብን የሚመዝን እርሱ ነው፤ እኛ የምንመዝነው አፍንና ጆሮን ነው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው መለኪያ ራስን መጠየቅ ነው። «ሰውን በትዕግሥት አዳምጣለሁ» ብሎ ጽፎ ከ1 እስከ 5 ማስሞላት። እኛም ወረቀቱን አዘጋጅተን ሥልጠናችንን ከመጀመራችን በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ሞላነው፤ ይዘነው የነበረው ሐሳብ ከሌላ መለኪያ ጋር ለማነጻጸር ነበር። ውጤቱ አስገራሚ ነው። ከሁላችን ይልቅ እየተሻሻለች መሆኗን ሁላችን የምናይላት እህት ለራሷ የሰጠችው ነጥብ ወረደ። ስንጠይቃት፣ «ያን ጊዜ ማዳመጥ ማለት ዝም ማለት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ምን ያህል እንደሚቀረኝ አውቄአለሁ» አለች። ይህ በሥልጠና ምዘና ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። ሰው ሲማር ችሎታው ብቻ ሳይሆን ራሱን የሚለካበት ክንድም አብሮ ይረዝማል፤ ስለዚህ የፊተኛውና የኋለኛው ነጥብ በአንድ ክንድ የተለኩ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው ያቺን እህት «ወደ ኋላ ተመልሳለች» ብሎ ይመዘግባት ነበር።

የተጠቀምንበት መለኪያ ከሩቅ የመጣ ነው። ብራንደን ኮርት የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቹ በኔፓል ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችና ለሌሎች ሙያተኛ ላልሆኑ ረዳቶች የሥነ ልቦና ድጋፍ ያሠለጥኑ ነበር። የገጠማቸው ጥያቄ የኛው ሽማግሌ ጥያቄ ነው፦ የሠለጠነው ሰው በርግጥ መርዳት ችሏል ወይስ ፈተናውን በጽሑፍ አልፏል? በ2015 እ.ኤ.አ. ኢናክት የተባለውን መመዘኛ አሳተሙ። የየትኛውም ዓይነት ምክር መሠረት የሆኑትን ነገሮች ይዘረዝራል፤ ማዳመጥን፣ ምስጢር መጠበቅን፣ ስሜትን መረዳትን፣ ተስፋ መስጠትን፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለ መጠየቅን የመሳሰሉትን። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቅጂ 15 ነጥቦች አሉት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ኢኩዊፕ በተባለው መድረክ ውስጥም ተካትቷል፤ ለማንም በነጻ ነው።

የዚህ መመዘኛ ብልሃት በየነጥቡ አራት ደረጃ ማስቀመጡና ደረጃው በስሜት ሳይሆን በታየ ድርጊት መወሰኑ ነው። 1ኛ ደረጃ ጎጂ ነው፤ ከተዘረዘሩት ጎጂ ድርጊቶች አንዷ እንኳ ከታየች ሌላው ሁሉ ቢያምር ደረጃው 1 ነው። 2ኛ ደረጃ ጎጂ ነገር የሌለበት፣ ግን ከመሠረታዊዎቹ የጎደለ። 3ኛ መሠረታዊዎቹ በሙሉ የተሟሉበት። 4ኛ ደግሞ ከዚያ ያለፈ ነገር የታየበት። መዛኙ «ይህቺ ሴት ርኅሩኅ ናት?» ተብሎ አይጠየቅም። «አቋረጠቻት? የሰማችውን መልሳ ነገረቻት?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

እኛ ከ15ቱ አራት ብቻ ወሰድን፤ ማዳመጥን፣ ምስጢርን፣ ተስፋን፣ ራስን ስለ መጉዳት መጠየቅን። ሰባት ሰው 15 ነጥብ በአንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም፤ አራቱን ደግሞ የመረጥነው ቤት ስንገባ በጣም የሚያስፈልጉንና በኛ በአማኞች ዘንድ በቀላሉ የሚበላሹት እነርሱ ስለሆኑ ነው።

ወደ አማርኛችንና ወደ ደጋችን ስናመጣው የተወሰነ ነገር መቀየር ነበረበት። እንዲህ ያሉ መመዘኛዎች ብዙ ጊዜ ዓይን ለዓይን መተያየትን የጥሩ አድማጭ ምልክት ያደርጉታል። በኛ አገር ግን አንድ ወጣት የአንድ አባትን ፊት ትክ ብሎ እያየ ሲያወራ ቢገኝ አክባሪ አይባልም። ስለዚህ ያንን አወጣነውና፣ ፊትን ወደ ሰውየው ማዞርን፣ ስልክን ከጋቢ ሥር መክተትን፣ ሰውየው ሲናገር «እህ» እያሉ መከተልን ጻፍን። ለዝምታም ቦታ ሰጠን። የኛ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ቃል ሳይተነፍስ መቀመጥን ያውቅበታል፤ ይህ ማንም ያላሠለጠነን፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ሀብት ነው። በውጭ አገር ሥልጠና ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን ነገር እኛ ይዘነው እንመጣለን። የሚከብደን ዝምታው ሲያልቅ የሚመጣው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ምዘናው የሚካሄደው በሚና ጨዋታ ነው። ከኛ ጋር የማትኖር፣ ሚና መጫወት የምትችል አንዲት እህት ከደባርቅ ትመጣለች። በእጇ የተጻፈ ታሪክ አለ፦ ሃምሳ ዓመት ያለፋት እናት ናት፤ በድርቁ ጊዜ በሬዋን በርካሽ ሸጣለች፤ ልጇ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ አራት ወር ሆኖታል። ታሪኩ ውስጥ ሁሉም ተመዛኝ እኩል እንዲያገኛቸው የተተከሉ ሦስት ቃላት አሉ። በመጀመሪያው አካባቢ «ይህን ለማንም አልነገርሁም» ትላለች። መሀል ላይ «ልጄ ይመጣ ይሆን?» ብላ ትጠይቃለች። ወደ መጨረሻው ደግሞ ዝግ ባለ ድምፅ «አንዳንድ ሌሊትስ ባልነጋ እላለሁ» ትላለች። አገልጋዩ አሥራ አምስት ደቂቃ አለው። ሁለት ሰዎች ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ፣ በየወረቀታቸው ይሞላሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ያው ታሪክ አይደገምም፤ ሰው መልሱን አስታውሶ ይመጣልና። በዚያኛው ዙር እህታችን ወንድሟ በጦርነቱ የሞተባት ሴት ሆና ትቀመጣለች፤ ሦስቱ ቃላት ግን በየቦታቸው አሉ። መለኪያው አንድ የሚሆነው በእነርሱ ነው።

የአንዲቱን እህታችንን የመጀመሪያ ዙር በፈቃዷ እንጻፍላችሁ። ራሷ ስትሞላ ነጥቧ የወረደባት እህት ይህቺው ናት።

እናቲቱ፣ «አራት ወሩ ነው። ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ ሲመሽ በሩን የመታኝ ይመስለኛል» አለች። እህታችን ወዲያው እጇን ይዛ፣ «አይዞዎት እናቴ፣ ጌታ ያውቃል» አለች። ቀጥላም ስለ ያዕቆብና ስለ ዮሴፍ ታሪክ፣ ሞተ የተባለው ልጅ በሕይወት እንደ ተገኘ በፍቅር ነገረቻት። «ልጄ ይመጣ ይሆን?» ስትባል፣ «ይመጣል! በእምነት ይቀበሉት» አለች። «ባልነጋ እላለሁ» የሚለው ሲመጣ፣ «እንዲህማ አይበሉ እናቴ፣ የጌታ ሰው እንዲህ አይልም» ብላ ወደ ጸሎት ገባች። ጸሎቱ ልብ የሚነካ ነበር፤ ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዷ እንባዋን ጠረገች።

አሁን ወረቀቱን እንመልከት። በማዳመጥ ሁለቱም መዛኞች 2 ሰጡ፤ አላቋረጠችም፣ ስልክ አላየችም፣ ግን እናቲቱ ካለችው አንዱንም መልሳ አልነገረቻትም፤ በሩ ሲመታ ስለሚሰማት ሌሊት አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። በምስጢር ሁለቱም 2፤ ምስጢሩን እጠብቃለሁ ብላ አላረጋገጠችላትም፣ ያወጣችው ነገርም የለም። ራስን ስለ መጉዳት ሁለቱም 1 ሰጡ፤ የተነገረውን ቃል በወቀሳ ዘግታዋለችና። በተስፋ ላይ ግን አንዱ 3 አንዷ 1 ሰጡ።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲመጣ ተደምሮ ለሁለት ይካፈልና 2 ይባል የሚል ሰው አይጠፋም። 2 ግን ሁለቱም ያላዩት ነገር ነው። ልዩነቱ የሚነግረን የመመዘኛው ቃል ግልጽ አለመሆኑን ነው፤ ስለዚህ መዛኞቹ ነጥባቸውን ሳይሆን የሰሙትን ቃል ይዘው ይነጋገራሉ። ወንድማችን፣ «የእምነት ቃል ተናገረች፤ ይህ ተስፋ ካልሆነ ምን ተስፋ ነው?» አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እህታችን፣ «ልጁ ባይመጣስ? ያቺ እናት ያኔ ልጇን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ እምነቴ ጎድሎ ነው ልጄ የቀረው ብላ ራሷን ትከሳለች» አለች። መመዘኛው ራሱ የማይሆን ተስፋ መስጠትን ከጎጂዎቹ ይቆጥረዋል፤ ወንድማችን ግን መመዘኛው ጌታን አያውቅም አለ። ነገሩ ከነጥብ አልፎ ትምህርተ ሃይማኖት ሆነ።

ያን ማታ ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር ይህ ነው። ቃሉ ልባቸው ለተሰበረ እግዚአብሔር ቅርብ እንደ ሆነ ይናገራል (መዝ. 34፥18)፤ ይህን ለማንኛዋም እናት፣ ልጇ ቢመጣም ባይመጣም፣ ሳንፈራ መናገር እንችላለን። የዚህችን እናት ልጅ በዚህ ወር ወይም በሚቀጥለው አመጣዋለሁ የሚል ቃል ግን በእጃችን የለም። ያዕቆብ ዮሴፍን አግኝቷል፤ ራሔል ግን ስለ ልጆቿ ስታለቅስ መጽናናትን እምቢ እንዳለች ተጽፏል (ኤር. 31፥15)። ስለዚህ በወረቀታችን ላይ በ1ኛ ደረጃ ሥር፣ «ስለሚመጣው ቀንና ውጤት በጌታ ስም ቃል መግባት» የሚል ጻፍን። በ3ኛ ደረጃ ሥር ደግሞ፣ «አላውቅም ማለትና አብሮ መጠበቅ፤ እስከ ዛሬ ምን እንዳጸናት መጠየቅ»። ወንድማችን ነጥቡን ወደ 1 አወረደው። ከዚያ በኋላ የመጡት ልዩነቶች በአንድ ደረጃ የሚበልጡ አልሆኑም፤ ቃሉ በመጥራቱ ይመስለናል።

በራስን መጉዳት ላይም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ አንባቢዎቻችን ከምንም ይልቅ እዚህ ላይ ስለሚደነግጡ። «ባልነጋ» የሚል ቃል ሲሰማ ትክክለኛው መልስ ጥያቄ ነው፤ በግልጽ፣ በለሰለሰ ድምፅ፦ «እናቴ፣ ባልነጋ ሲሉ ሕይወትዎን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይህ በጥናት የታየ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው የተሸከመውን የሚያወርድበት ቦታ ያገኛል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻዋን አትተዋትም፤ በፈቃዷ ከቤተ ሰቧ አንድ ሰው ይጠራል፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ ይኬዳል፣ ሲያስፈልግም እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። ከዚህ በደባርቅ በኩል መንገዱ ረጅምና ብርዳም መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህም ነው ማን እንደሚሸኝና መኪናው በማን እንደሚከፈል አስቀድሞ በወረቀት የጻፍነው። ጸሎት በዚህ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ጥያቄውን ግን አይተካም።

በሁለተኛው ዙር ያቺው እህታችን ምን አደረገች? ወንድሟ የሞተባት ሴት፣ «ልብሱን እስካሁን አላጠብሁትም» ስትላት፣ ዝም ብላ ጥቂት ቆየችና፣ «ሽታው እንዳይለቅ» አለቻት። ሚናዋን የምትጫወተው እህት ከጽሑፉ ወጥታ ለቅጽበት መናገር አቃታት። «ባልነጋ» ሲመጣ እህታችን ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ጠየቀች። በማዳመጥ 4፣ ራስን ስለ መጉዳት 3፣ በተስፋ 3 አገኘች። በምስጢር ግን 1።

ከአራቱ ከፍ ያለው ነጥብና ዝቅ ያለው ነጥብ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ታየ። ልክ ከጸሎቱ በፊት፣ «እንግዲህ እሑድ ኅብረቱ ሁሉ እንዲጸልይልሽ ጉዳዩን አቀርበዋለሁ» አለቻት። «ለማንም አልነገርሁም» ላለች ሴት። ፈቃድ አልጠየቀችም። ይህ በየኅብረቱ የሚደረግ፣ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው፤ የጸሎት ርዕስ የሚል ስም ስላለው ማንም ሐሜት አይለውም። በአንድ ሌላ ከተማ የምናውቃት እህት ግን የትዳሯ ጉዳይ እንዲህ ሆኖ ከመድረክ ከተሰማ በኋላ ለሁለት ዓመት እግሯን ከየትኛውም ጉባኤ አንሥታ ነበር። እኛ ባለንበት ትንሽ ከተማ ደግሞ እሑድ የተባለ ሰኞ ገበያ ይወርዳል።

ነጥቦችን ደምሮ አማካይ ማውጣት የማይገባውም ለዚህ ነው። የዚህችን እህት የመጀመሪያ ዙር ብንደምር 2፣ 2፣ 1 እና 1 ነው፤ 6። ሁለተኛው 4፣ 1፣ 3 እና 3 ነው፤ 11። በሪፖርት ላይ እጥፍ የሚጠጋ እድገት ሆኖ ይጻፋል። የተጎበኘችው ሴት ግን 11 ነጥብ አታገኝም፤ የምታገኘው ከሕይወቷ ጥሩ አዳማጯ የነበረችን ሰውና እሑድ ዕለት የተበተነ ምስጢሯን ነው። ማዳመጡ እንዲያውም ጉዳቱን ያከብደዋል፤ በደንብ የተሰማ ሰው ብዙ ስለሚናገር ብዙ ያጣል። ደረጃዎቹ ቅደም ተከተል እንጂ መጠን አይደሉም፤ ከ1 ወደ 2 መሄድ ጉዳት ማቆም ነው፣ ከ3 ወደ 4 መሄድ ግን ማማር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው «አንድ ነጥብ» እኩል አይደለም። ስለዚህ የምንቆጥረው ሌላ ነገር ነው፦ ከሰባታችን ስንቶቻችን በየትኛውም ነጥብ ላይ 1 አለን? 1 ያለበት ሰው፣ ሌላው ሁሉ 4 ቢሆን እንኳ፣ ያ ነጥብ እስኪስተካከል ብቻውን ቤት አይገባም፤ ከሌላ ሰው ጋር ይሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ከሰባታችን 1 የሌለበት ማንም አልነበረም። በሁለተኛው ዙር ሦስት ሰዎች ሆኑ።

ለእህታችን ያስፈለጋት አንድ ዓረፍተ ነገር መለማመድ ብቻ ነበር። «ይህን ከኅብረቱ ጋር ልጸልይበት ወይስ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር?» በሁለት ሳምንት ውስጥ አፏ ላይ ሆነ። ሁሉም ነገር እንዲህ አይቀልም። የማቋረጥ ልማድ ያለበት ወንድማችን እስከ ዛሬ ከ1 እና ከ2 መካከል ይመላለሳል፤ ሲደክመው ይብስበታል።

የሚና ጨዋታ የማይነግረን ነገርም አለ። ሰው ማድረግ የሚችለውን ያሳያል፤ ማንም ሳያየው፣ በዝናብ ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ ርቦት፣ ሦስተኛ ቤት ሲገባ የሚያደርገውን አያሳይም። ያንን የሚያውቀው የተጎበኘው ሰው ብቻ ነው። እርሱን መጠየቅ ግን ይሉኝታ የሚባል ግንብ አለበት። የአገራችንን ሰው «ጉብኝቱ እንዴት ነበር?» ብትሉት፣ «እግዜር ይስጥልን፣ ምን ይወጣላችኋል» ነው መልሱ፤ ቡና አፍልቶ ያስተናገደውን እንግዳ ፊቱ ላይ የሚነቅፍ ማን አለ? መልሱ ሁሉ ምስጋና ከሆነ ምንም አልለካንም ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግን። የሚጠይቀው የጎበኘው ሰው ሳይሆን፣ ከሰባታችን ያልሆነች አንዲት ሌላ እህት ናት። የምትጠይቀውም ስለ መደሰት አይደለም፤ ስለ ሆነው ነገር ነው። «የመጡት ሰዎች ከመጸለያቸው በፊት ምን እንዲጸለይልዎ ጠይቀዎት ነበር?» «እርስዎ ነበሩ ብዙ የተናገሩት ወይስ እነርሱ?» «ያሉትን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሰምተውት ያውቃሉ?» ሰው «መጥፎ ነበር» ለማለት ያፍራል፤ «እነርሱ ናቸው ብዙ ያወሩት፣ ደስ ይላል ወሬያቸው» ለማለት ግን አያፍርም፤ እኛም መልሳችንን አገኘን ማለት ነው። ጌታችን በኤማሁስ መንገድ ያደረገውን ስናነብ ይህችው ጥያቄ ትመጣብናለች። የሚሉትን ሁሉ እያወቀ ጠየቃቸው፣ ደግሞ ጠየቃቸው፤ ከሉቃስ 24፥17 እስከ 24 ድረስ በብዛት የሚናገሩት እነርሱ ናቸው፤ እርሱ መጻሕፍትን መተርጎም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ተመልሰው የጠሩን ቤቶችን እንቁጠር የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ምልክትነቱ ጥሩ ነው፤ የተሰማ ሰው ደግሞ ይጠራል። ግን ይህን በሪፖርት ላይ ካስቀመጥነው በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እያንዳንዳችን «መቼ ልምጣ?» እያልን ሰውን በይሉኝታ ማስጠራት እንጀምራለን፤ ቁጥሩ ያድጋል፣ ትርጉሙ ይሞታል። እንደ ምልክት ለራሳችን እናየዋለን፤ ለማንም አንልከውም። የዳዊትን ቆጠራ የፈሩት ወገኖቻችን በዚህ ላይ እውነት ነበራቸው።

ዘንድሮ ለሽማግሌዎቹ የላክነው ሠንጠረዥ የቤቶቹን ቁጥር አሁንም ይዟል። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርን፦ «ከሰባት አገልጋዮች በምዘና ወቅት ጎጂ ድርጊት ያልታየባቸው፦ 3»። ደዋዩ ሽማግሌ መስመሩን አንብበው እንደ ገና ደወሉ። «የቀሩት አራቱ እነማን ናቸው?» አሉ። ስማቸውን እንደማንነግራቸው፣ ምዘናውን ስንጀምር ለእያንዳንዱ ሰው ነጥቡ በመካከላችን እንደሚቀር ቃል እንደ ገባን ነገርናቸው። ስልኩ ላይ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ «እሺ፣ ሚያዝያ ላይ እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ እኔንም መዝኑኝ» አሉን። ከደባርቅ የምትመጣው እህት አዲስ ታሪክ እየጻፈችላቸው ነው።